የጥቅምት ዓረቦን ክፍያና የእፎይታ ጊዜን ስለማስታወስ

መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደሴ

በደሴና በኮምቦልቻ ለምትገኙ የሕይወት መድን ደንበኞቻችን

በየሦስት ወሩ ለምትከፍሉ ደንበኞች ቀጣዩ ዓረቦን የሚከፈለው ጥቅምት 1 ነው። በዚያ ቀን ባይሞላላችሁ ውሉ ወዲያው አይቋረጥም፤ የ30 ቀን እፎይታ አላችሁ። ዘንድሮ የመጨረሻው ቀን ጥቅምት 30 እሑድ ላይ ስለዋለና ቢሯችን ስለሚዘጋ፣ በአካል የምትመጡ ቅዳሜ ጥቅምት 29 ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ድረሱልን።

በእፎይታው ጊዜ ሽፋኑ እንዳለ ነው። የ200,000 ብር ውል ያለው፣ 1,800 ብር ያልከፈለ ደንበኛ ጥቅምት 20 ቢሞት ቤተሰቡ ያልተከፈለው ተቀንሶ 198,200 ብር ያገኛል። ሳይከፍል ኅዳር 2 ቢሞት ግን የሞት ካሳ አይከፈልም። ይህን ለልጆች እናት ፊት ለፊት መናገር በጣም ከባድ ነው፤ አስቀድመን የምንጽፍላችሁም ለዚሁ ነው። ቁጠባ ያለውና 3 ዓመት ሙሉ የተከፈለበት ውል ከሆነ ገንዘቡ ጨርሶ አይጠፋም፤ የመድኑ መጠን ተቀንሶ ይቀጥላል።

በደመወዝ የሚቆረጥላችሁ፣ በተለይ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ መሥሪያ ቤት ስትቀይሩ ቆረጣው አብሯችሁ አይዛወርም። የቀድሞው አሠሪ ያቆማል፣ አዲሱ ስለ ውሉ አያውቅም፣ እናንተ ደግሞ እየተከፈለ ይመስላችኋል። የደመወዝ ወረቀታችሁን አውጡና ቆረጣው መኖሩን ዛሬውኑ እዩ።

በባንክ ስታስገቡ የፖሊሲ ቁጥራችሁን ደረሰኙ ላይ አጽፉ። ባለፈው ሰኔ አንድ ደረሰኝ «የመድን» ከሚል ቃል በቀር ምንም ሳይጻፍበት ደርሶን ባለቤቱን እስክናገኝ ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። ለወኪል በእጅ የምትከፍሉም ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ ገንዘብ አትስጡ።

ውሉ ከተቋረጠ፣ 2 ዓመት እስካላለፈው ድረስ ማስቀጠል ይቻላል። መታወቂያችሁንና የመድን ውሉን ይዛችሁ ኑ፤ የማስቀጠያ ማመልከቻና የጤና መግለጫ እዚሁ ትሞላላችሁ፤ ውዝፉን ከነወለዱ ትከፍላላችሁ። ከ6 ወር በላይ ከቆየ የሐኪም ምርመራ ያስፈልጋል፤ ወጪውም የእናንተ ነው። በጤና መግለጫው ላይ ስኳርም ሆነ ደም ግፊት ካለባችሁ አትደብቁ፤ የተደበቀ ሕመም ኋላ ካሳውን ያስከለክላል።

ውዝፉን መክፈል ብቻውን ሽፋኑን አይመልስም። ሽፋኑ የሚጀምረው ማመልከቻው መጽደቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ነው። ደብዳቤው እጃችሁ እስኪገባ ጠይቁን፣ ጨቅጭቁን።

ጥቅምት ላይ እጅ ያጠራችሁ ካላችሁ ቀኑ ሳያልፍ ንገሩን፤ አከፋፈሉን በየወሩ ማድረግ ይቻላል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ለዚህ ብላችሁ ሐረጎን መውጣት አያስፈልጋችሁም፤ ስልክ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ ሠራተኛችን ወደ እናንተ ይመጣል።

ከአክብሮት ጋር
የደሴ ቅርንጫፍ የሕይወት መድን ክፍል