የ20ኛ ዓመት መገናኛችን ወደ ቅዳሜ ጥቅምት 29 ተዛውሯል (ኖቬምበር 8፣ 17:00 በሀዋሳ ሰዓት)

ሰላም ለሁላችሁ፣

ሳላንዛዛ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጥቅምት 15 ሀዋሳ ላይ ልናደርገው የነበረው መገናኛችን በሁለት ሳምንት ተገፍቷል። አልተሰረዘም። ተገፋ ነው ያልኩት። አንዳንዶቻችሁ ኢሜይል ግማሽ አንብባችሁ ቴሌግራም ላይ «ቀረ አሉ» ስለምትሉ ነው የደገምኩት።

አዲሱ ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም። በፈረንጆቹ ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 2025።

ሰዓቱ፦ ከቀኑ 11 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር። ስልካችሁ ላይ 17:00 ወይም 5:00 PM ብሎ የሚያሳየው። የንጋቱ 11 አይደለም።

የማን ሰዓት፦ የሀዋሳ፣ ማለትም የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት፣ EAT፣ UTC+3።

ቦታው፦ አልተቀየረም። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ያለው፣ ባለፈው ኢሜይል ካርታውን የላኩላችሁ አዳራሽ ነው። የዙም ሊንኩም ያው የድሮው ነው።

ሀዋሳና አዲስ አበባ ያላችሁ እዚህ ላይ ብታቆሙ አልቀየማችሁም። ውጭ ያላችሁ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ለእናንተ የተቀየረው ቀኑ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ለምን እንደተገፋ። ባለፈው ሐሙስ የአዳራሹ ሰውዬ ደወለልኝና «ወንድሜ፣ ትንሽ ነገር ተፈጥራለች» አለኝ። ትንሿ ነገር 400 ሰው የተጠራበት ሰርግ ሆና ተገኘች። ቀብድ ከከፈልን ሁለት ወር ሊሞላን ነው፣ ደረሰኙም እጄ ላይ አለ፣ ስለዚህ በስልክ አልጨቃጨቅም ብዬ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ደብተሩን አውጥቶ አሳየኝ። ጥቅምት 15 በሚለው መስመር ላይ የእኛ ስም በእርሳስ ተጽፏል። ከሥሩ የሙሽሮቹ ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሁለቴ ተሰምሮበት። ምን ልበል? ሙሽራ አላስለቅስም። ቀብዳችን ለአዲሱ ቀን እንዲያዝልን፣ ድምፅ ማጉያውንም ያለ ክፍያ እንዲጨምርልን ተስማምተን ተለያየን። ጥቅምት 29 አሁን በእስክሪብቶ ተጽፏል። ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ ፎቶም አንስቼዋለሁ።

ለምን ሌላ ቀን አልሆነም የሚል አይጠፋም። ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል እናድርገው ያላችሁ ሁለት ሰዎች አላችሁ። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን ያን ሰሞን ሀዋሳ አልጋ መፈለግ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ክትፎውን ትታችሁ ሽሮ ልታበሉን ካልሆነ በቀር ከዚያ በፊት መሆን ነበረበት። ቲቸርም በኅዳር ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው፣ እሳቸው ከሌሉ ደግሞ የስም ጥሪው ምን ትርጉም አለው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ባለፈው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ያጠፋሁትን ጥፋት እዚሁ ልናዘዝ። «እሁድ ማታ 2 ሰዓት» ብዬ በቴሌግራም ጻፍኩ፣ ካላንደሩ ላይ ደግሞ 2:00 PM ብዬ አስገባሁት። ዋሽንግተን ያለው ጓደኛችን ካላንደሩን አምኖ እሁድ በጠዋት በ7:00 ተነሳ፣ ቡናውን ይዞ ዙም ከፈተና 40 ደቂቃ የራሱን ፊት ሲያይ ቆየ። እኛ የተሰበሰብነው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። እስካሁን «የማታው 2» እያለ ይጠራኛል። ይገባኛል።

ስለዚህ ዘንድሮ ቀኑንም በቁጥር ብቻ አልጽፍም። 29/2/2018 ብዬ ብልክ እኛ ጥቅምት 29 ብለን እናነበዋለን፣ የውጭ ስልክ ግን ፌብሩዋሪ 29፣ 2018 ይለዋል። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ነበረው። በሌለ ቀን ልቀጥራችሁ ነበር።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሀዋሳ ላይ ሰዓቱ ያው 11 ሰዓት ነው፣ እኛ ሰዓታችንን ወደ ፊትም ወደ ኋላም አናንቀሳቅስም። እናንተ ግን ታንቀሳቅሳላችሁ። አውሮፓ ኦክቶበር 26፣ አሜሪካና ካናዳ ኖቬምበር 2 ሰዓት በአንድ ወደ ኋላ ይመልሳሉ። የድሮው ቀናችን ኦክቶበር 25 ስለነበር ከሁለቱም በፊት ነበር። አዲሱ ከሁለቱም በኋላ ነው። ስለዚህ «ቀኑ ነው የተገፋው፣ ሰዓቱ ያው ነው» ብሎ ድሮ የያዘውን ሰዓት የሚጠብቅ ሰው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲደርስ የስም ጥሪው አልቋል።

በየከተማችሁ ቆጥሬላችኋለሁ። ዋሽንግተን፣ አትላንታና ቶሮንቶ ድሮ 10:00 AM ነበር፣ አሁን 9:00 AM ነው። ሚኒሶታና ዳላስ ከ9:00 ወደ 8:00 AM ወርዷል። ሲያትልና ሎስ አንጀለስ 6:00 AM ነው፣ እዚህ ላይ ይቅርታ ከመጠየቅ ሌላ የምለው የለኝም። ለንደን 2:00 PM። ስቶክሆልም፣ ፍራንክፈርትና ሮም 3:00 PM። ጆሃንስበርግ 4:00 PM፣ ሪያድ 5:00 PM፣ ዱባይ 6:00 PM፤ እነዚህ ሦስቱ ከድሮው ምንም አልተለወጡም። እስካሁን የጠራኋቸው ሁሉ ቀናቸው ቅዳሜ ኖቬምበር 8 ነው።

ሜልበርን ያለሽው እህታችን፣ ያንቺ ለብቻው ነው። እዚያ ሲደርስ እሁድ ኖቬምበር 9፣ 1:00 AM ይሆናል። በእኛ አባባል ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት። ቅዳሜ ማታ ሳትተኚ ጠብቂን ማለት ነው እንጂ እሁድ ማታ አይደለም። ካልቻልሽ ግድ የለም፣ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቀድመሽ ላኪልን።

ካላንደር ላይ ራሳችሁ የምታስገቡ፣ የሰዓት ክልሉን Africa/Addis_Ababa ብላችሁ ምረጡና ይሄን ሙሉ፣ ቀሪውን ስልኩ ራሱ ወደ ከተማችሁ ይመልሰዋል፦

```
2025-11-08 17:00 (UTC+03:00)
```

የጥቅምት 15ቱን ግብዣ ዛሬ ከካላንደር ላይ እሰርዘዋለሁ፣ አዲሱ ነገ ይደርሳችኋል። አሮጌው ስልካችሁ ላይ ቀርቶ ካያችሁት በእጃችሁ አጥፉት። ሁለቱም ካሉ አንድ ሰው ኦክቶበር 25 ዙም ላይ ብቻውን መቀመጡ አይቀርም፣ ማን እንደሆነም እገምታለሁ።

ፕሮግራሙ ብዙም አልተነካም። 11 ሰዓት ላይ ቲቸር የ1998ቱን መዝገብ ይዘው ስም ይጠራሉ፣ ዙም ላይ ያላችሁም «አቤት» ትላላችሁ፣ ማይካችሁን ከፍታችሁ። ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ስለምትጠልቅ የቡድን ፎቶውን 12 ሰዓት ከሩብ ጉዳይ (17:45) ሐይቁ ዳር እንነሳለን። ከዚያ እራት ነው። ውጭ ያላችሁ ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት በኋላ ብትወጡ የሚያመልጣችሁ የእኛ ጭፈራ ብቻ ነው። እሁድ ጠዋት ለሚያድሩት አሞራ ገደል የዓሣው ቁርስ አለ፣ አባ ኮዳዎቹ ከሳህናችሁ ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም።

ከአዲስ አበባ ለምትመጡ፣ ሚኒባሱ እዚያው ቅዳሜ ጥቅምት 29 ከጠዋቱ 1 ሰዓት (07:00) ከመስቀል አደባባይ ይነሳል። 1 ሰዓት ማለት 1 ሰዓት ነው። ባለፈው ጉዞ 1 ሰዓት ተኩል የመጣችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ለጥቅምት 15 የራሳችሁን ትኬት ቆርጣችሁ ከነበረ ከአሁኑ ቀይሩት፣ ገና ጊዜ አለ። የአልጋውን ነገር እኔ ከሆቴሉ ጋር ጨርሻለሁ፣ በስማችሁ የተያዘው ሁሉ ወደ ጥቅምት 29 ዞሯል።

የከፈላችሁት 1,500 ብር እንዳለ ነው፣ ማንም ጭማሪ አይጠየቅም። በአዲሱ ቀን የማይመቸው ሰው እስከ ሐሙስ ጥቅምት 20 (ኦክቶበር 30) ለዚህ ኢሜይል መልስ ይስጠኝ፣ ገንዘቡን ሙሉውን እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ለምግቡ ቁጥር ስለምሰጥ መመለስ አልችልም። የሚመጣውም ሰው «አለሁ» ብላችሁ ብቻ መልሱ። ዝም ያለን ሰው ይመጣል ብዬ አልቆጥርም፣ በድሮው ቀን «አለሁ» ያላችሁትም እንደገና በሉ።

ትናንት ቀኑን ለማረጋገጥ ቲቸር ጋ ደውዬ ነበር። ሁሉንም ከሰሙ በኋላ «ልጄ፣ 11 ሰዓት ያልከኝ በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» አሉኝ። በሀበሻ ነው ቲቸር፣ ከቀኑ 11። «እንዲያ በለኛ» ብለው ዘጉት።

እንገናኝ፣
ረጅሙ ከ12ኛ ሐ
የኮሚቴው ጸሐፊ
ሀዋሳ፣ ሰኞ ጥቅምት 3 ቀን 2018 (ኦክቶበር 13፣ 2025)

ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር፦ ቲሸርቶቹ ታትመው አልቀዋል። 60ዎቹም ጀርባቸው ላይ በትልቁ «ጥቅምት 15» ይላል። እንደገና ለማሳተም ብር የለንም፣ እንዲሁ እንለብሳቸዋለን። ቲሸርቱን አይቶ ቀን የሚመዘግብ ሰው ግን እንዳይኖር።