ለብሎክ 87 ነዋሪዎች፦ የትናንቱ ስብሰባ ማስታወሻና እስከ ጥቅምት 30 የምንሠራው

ቱሉ ዲምቱ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ጎረቤቶቼ፣

ትናንት እሑድ ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የጥበቃውና የደረጃ መብራቱ መዋጮ እንደ ድሮው ይቀጥላል። ብዙ ያከራከረን ውኃው ነው።

ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ግፊቱ ከሁለተኛ ፎቅ አያልፍም። እትዬ አስካለ በዚህ ዕድሜያቸው እስከ 4ኛ ፎቅ ጀሪካን ሲያወጡ ሁላችንም እያየን ነው። ይሄ ሊቆም ይገባል። ስለዚህ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ግቢው ውስጥ አስቀምጠን በፓምፕ ወደ ላይ ለመግፋት ተስማምተናል። ሮቶው ሲሞላ ውኃው ብቻ 5 ቶን ይመዝናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጠንካራ የኮንክሪት መሠረት ይፈልጋል። ፓምፑ ደግሞ የሚስበው ከሮቶው እንጂ በቀጥታ ከመስመሩ አይደለም። ከመስመሩ ከሳበ የጎረቤት ብሎክ ውኃ ይቀንሳል፤ ቧንቧው ስንጥቅ ካለውም ቆሻሻ ሊያስገባ ይችላል።

የግራውንድ ነዋሪዎች «እኛ ጋ ውኃ ይደርሳል፣ ለምን እንከፍላለን?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሮቶው ውኃ በሚጠፋበት ቀን ለእነሱም ስለሚጠቅም የሮቶውን ድርሻ ይከፍላሉ። የፓምፑና ፓምፑ የሚበላው የመብራት ወጪ ግን ከላይ ያለነው ላይ ይሆናል።

ቀጣዩ ስብሰባ እሑድ ጥቅምት 30 ከቀኑ 8 ሰዓት ኮሚናሉ ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ዋጋ አይተን እንወስናለን። ባዶ እጃችንን እንዳንገናኝ ሥራውን እንዲህ ተከፋፍለነዋል።

ጋሽ መኮንን ከሦስት ሱቅ የሮቶና የፓምፕ ፕሮፎርማ ያመጣሉ። እስከ ሐሙስ ጥቅምት 27 ድረስ ይድረሰን፤ ወይዘሮ ትዕግሥት በየቤቱ የሚደርሰውን የምታሰላው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ማንም ገንዘብ እንዳይሰጥ፣ እንዳይቀበልም። ዳዊት ኤሌክትሪሻን ስለሆነ የጋራ ቆጣሪው ፓምፑን መቻል አለመቻሉን ይህን ቅዳሜ ያያል። የመሠረቱን ቦታ ከግንበኛ ጋር የሚለካው ሀብታሙ ነው፤ የመኪና መውጫ እንዳይዘጋ አደራ። ሰላም ትናንት ያልመጡትን ቤት ለቤት ታነጋግራለች፤ በተለይ ተከራዮችን፣ ምክንያቱም አከራዮቻቸው መስማማት አለባቸው። እኔ ለነዋሪዎች ማኅበሩ የቦታ ፈቃድ ደብዳቤ ነገ አስገባለሁ።

ከብሎኩ ጀርባ የተከመረውን ቆሻሻ ደግሞ ወጣቶቹ ጥቅምት 29 ጠዋት ያነሡታል። ኅዳር 12 ሲታጠን ፕላስቲኩ እዚያው እንዲቃጠል አንፈልግም፤ ጭሱ ልጆቻችን ክፍል ነው የሚገባው።

የያዘውን ሥራ መጨረስ የማይችል ካለ እስከ ዓርብ ጥቅምት 21 ይንገረኝ፤ ሌላ ሰው እንፈልጋለን። 3ኛ ፎቅ፣ በስተቀኝ ያለው በር ነኝ። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ አለሁ።

ታደሰ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ