የሴሚናር መወያያ ጥያቄዎች፦ «ከፍታና የአየር ሙቀት» የተሰኘው የዕለት ትምህርት ዕቅድ

ደሴ፣ የሰልጣኝ መምህራን ሴሚናር

የቀረበው ዕቅድ፦ 7ኛ ክፍል፣ 58 ተማሪዎች፣ 40 ደቂቃ። ክለሳ 5፣ ገለጻ 20፣ የቡድን ሥራ 10፣ ምዘና 5 ደቂቃ። ምሳሌው ደሴ (2,500 ሜትር ገደማ) እና ኮምቦልቻ (1,850 ሜትር ገደማ) ናቸው።

ከመወያየታችሁ በፊት ዓላማውንና የምዘና ጥያቄዎቹን ብቻ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ፤ መሀሉን ለጊዜው ሸፍኑት።

1. ዓላማው «ተማሪዎች የከፍታንና የሙቀትን ግንኙነት ይረዳሉ» ይላል። መረዳታቸው በምን ይታያል? ግሡ «ያሰላሉ» ቢሆንስ? «ምክንያቱን ያስረዳሉ» ቢሆንስ? በየትኛው ግሥ የትኛው የክፍል ሥራ ይወድቃል?

2. የምዘናው ጥያቄ «ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ነው። ትናንት ደብተሩን ያነበበ፣ ዛሬ ከክፍል የቀረ ልጅ ይመልሰዋል? ከመለሰ ጥያቄው የዛሬውን ትምህርት አልለካም ማለት ነው። በምን ትተኩታላችሁ?

3. ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚቀንስ ተገልጿል። የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት 650 ሜትር ስለሆነ የሙቀት ልዩነታቸው 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ለ1,000 ማካፈልን የዘለለ ተማሪ 4,225 ያገኛል፤ ከደሴ ቀንሶ ኮምቦልቻን የሚያቀዘቅዝም አይጠፋም። መጀመሪያው የስሌት፣ ሁለተኛው የሐሳብ ስሕተት ነው። ዕቅዱ ለሁለቱ የተለያየ እርማት አዘጋጅቷል?

4. «ደሴ ለፀሐይ ስለሚቀርብ መሞቅ ነበረበት» የሚል ልጅ ቢነሳ መምህሩ ምን ይላል? ገለጻው 20 ደቂቃ ቢፈጅም፣ አየሩን በዋናነት የሚያሞቀው ፀሐይ ያሞቀችው መሬት መሆኑን፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ አየሩ እየሳሳ እንደሚቀዘቅዝ አያነሳም። ይህ ከሌለ ልጁ ቀመሩን ይዞ የተሳሳተ እምነቱንም እንደያዘ ይወጣል። ጥያቄውን ክለሳው ላይ ማንሳት ይሻላል ወይስ ከስሌቱ በኋላ? ለምን?

5. 58 ተማሪ በ6 ቡድን ሲከፈል በአንዱ ቡድን 10 ልጅ ገደማ ይሆናል። እስክሪብቶው በማን እጅ ነው? ጥንድ ጥንድ ቢሆኑ 29 ሥራ ይኖራል፤ መምህሩ በ10 ደቂቃ የስንቱን ማየት ይችላል? የትኞቹን ደብተሮች መርጦ ያያል?

6. «ገብቷችኋል?» ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። በዚህ ቦታ ከ3 ደቂቃ የማይበልጥ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በብጣሽ ወረቀት የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ጻፉ። ቁጥሩም ምክንያቱም ይጠየቅ።

7. ወረቀቱ ተሰብስቦ ከተማሪዎቹ ግማሹ ምክንያቱን ቢስት የነገው ክፍለ ጊዜ በምን ይጀምራል? ዕቅዱ ላይ «የቤት ሥራ ይሰጣል» ተብሎ ታልፏል።

8. በሰልፍ ምክንያት 10 ደቂቃ ቢባክን ከዕቅዱ ምን ትቆርጣላችሁ? ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ምዘናው ነው፤ እዚህ ግን ምዘናውን ሳትነኩ መልሱ።