ሰባት ሺህ ከስድስት ሺህ አምስት መቶ ሲያንስ

ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል። ቡና ቀርቧል። በአንድ በኩል ሥራ አስኪያጁ፣ በሌላ በኩል ከኔዘርላንድስ የመጣ የጉዞ ድርጅት ገዢ። መሐል አስተርጓሚዋ እኔ፣ ደብተርና ካልኩሌተር ይዤ። ገዢው የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው። እዚህ የእሱ ንግግር ሆኖ የተጻፈው ለሥራ አስኪያጁ በአማርኛ ያልኩላቸው ነው።

መጀመሪያ ለሁለቱም በየቋንቋቸው ይህን ተናገርኩ፦

«የምትናገሩትን ሁሉ እተረጉማለሁ። አልጨምርም፣ አልቀንስም። ‹እኔ› ስል ተናጋሪው ነው። ከራሴ የምለው ካለ ‹አስተርጓሚዋ› ብዬ እጀምራለሁ። ቁጥር ሲመጣ ወረቀት ላይ ጽፌ ለሁለታችሁም አሳያለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቁ። «እህቴ፣ ፍርድ ቤት አስመሰልሽው እኮ!»

እሱንም ተረጎምኩት። ገዢውም ሳቀ።

ገዢው፦ «20 ክፍል እፈልጋለሁ፣ ሁሉም ባለ ሁለት አልጋ። ለሦስት ሌሊት። መግቢያ ኖቬምበር 10፣ መውጫ ኖቬምበር 13፣ 2026።»

እኔ፦ «አስተርጓሚዋ፦ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1 ቀን 2019 ገብተው ኅዳር 4 ይወጣሉ።» ለገዢውም ይህን እንዳልኩ ነገርኩት።

ሥራ አስኪያጁ፦ «ውይ! እኔ ኅዳር 10 ብዬ ነው የያዝኩት። ያን ሰሞን ቤቱ በስብሰባ ሙሉ ነው፣ እምቢ ልለው ነበር። ኅዳር 1 ከሆነማ ባዶ ነን።»

ሁሉንም ተረጎምኩ፣ «ባዶ ነን» የሚለውንም ጭምር። ገዢው ፈገግ አለ።

ገዢው፦ «ባዶ ከሆናችሁ ዋጋው ላይ እንግባባለን ማለት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ። «ባዶ ነን ያልኩትንም ነገርሽው?»

«ጋሼ፣ ብለዋል እኮ።»

ለገዢውም እሳቸው ይህን ጠይቀውኝ እኔም ይህን እንደመለስኩ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ንግግራቸውን እየመጠኑ መጡ። ለእኔም ሥራው ቀለለኝ።

ሥራ አስኪያጁ፦ «አንዱ ክፍል በአንድ ሌሊት 6,500 ብር፣ ቁርስ ለሁለት ሰው ጨምሮ። ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶና ቫት 15 በመቶ ለብቻው ይመጣል።»

ገዢው፦ «እኔ 7,000 ብር እከፍላለሁ።»

ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን «ሰባት ሺህ» የሚለውን በእንግሊዝኛም ያውቁታል። እጃቸውን ዘረጉ። «ከጠየቅኩት በላይ ሰጠኝ! አለቀ በይው!»

እኔ፦ «ጋሼ፣ አላለቀም። ገዢው፦ ‹7,000 ብር እከፍላለሁ፣ ሰርቪሱም ቫቱም ሁሉም በውስጡ ሆኖ።›»

የተዘረጋው እጅ ተመለሰ። ለገዢውም «አለቀ» ማለታቸውን፣ ይህንንም ያሉት ንግግሩ ሳይተረጎም መሆኑን ነገርኩት። ከዚያ ወረቀቱን መሐል አድርጌ ጻፍኩ። የሆቴሉ 6,500፣ ሰርቪስ ሲጨመር 7,150፣ በዚያ ላይ ቫት ሲጨመር 8,222 ብር ከ50 ሳንቲም። የገዢው 7,000 ደግሞ ሰርቪስና ቫት ሲወጣለት ለሆቴሉ የሚቀረው 5,533 ብር ከምናምን። ሁለቱም ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ።

ሥራ አስኪያጁ፦ «እህቴ፣ ለእሱ አትንገሪው እንጂ እኔ እስከ...»

«ቆይ ጋሼ! አይጨርሱት። ከጨረሱት መተርጎሜ ነው።»

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ገዢው ምን እንደተባለ ጠየቀኝ። «አንድ ነገር ሊነግሩኝ ጀምረው አቋርጠዋል። ቁጥር አልተናገሩም» አልኩት። ያ ነው የሆነው።

ሥራ አስኪያጁ ቡናቸውን ጠጥተው ጨረሱ። «6,000። ሰርቪስና ቫት በላዩ።»

ጻፍኩ፦ 6,000፣ ሰርቪስ 600፣ ቫት 990፣ ድምር 7,590።

ገዢው፦ «7,590 ሁሉን ጨምሮ ከሆነ እስማማለሁ። ግን ከ20 ክፍል አንዱ ለቡድን መሪው ነጻ ይሁን።»

ሥራ አስኪያጁ፦ «ይሁን።»

እኔ፦ «አስተርጓሚዋ፦ ይህ ሁለት ዓይነት ይሰማል። 19 ተከፍሎ 20ኛው ነጻ ነው ወይስ 20 ተከፍሎ 21ኛው?»

የአንድ ክፍል የሦስት ሌሊት ሒሳብ 22,770 ብር ነው። በአንዲት «ከ» የሚመጣ ልዩነት። ገዢው ሁለተኛውን ማለቱ እንደሆነ ተናገረ። ሥራ አስኪያጁም ተቀበሉ። 20 ክፍል ለሦስት ሌሊት 60 ሌሊት ነው፤ በ7,590 ሲባዛ በጠቅላላው 455,400 ብር።

አከፋፈሉ ብዙ አላከራከረም። ዋጋው በብር ይቆያል። ገዢው ከውጭ በባንክ ያስገባል፤ ምንዛሪው ገንዘቡ ሆቴሉ ሒሳብ በገባበት ዕለት ተቀባዩ ባንክ በሚሰጠው ዋጋ ይሰላል፤ የማስተላለፊያውን ወጪ ላኪው ይሸፍናል። ቅድሚያ ክፍያ 30 በመቶ፣ 136,620 ብር። ቀሪው 318,780 ብር በመግቢያው ቀን።

ያከራከረው ስረዛው ነው።

ሥራ አስኪያጁ፦ «አንድ ወር ቀድሞ ከነገረን ቅድሚያውን እንመልሳለን።»

እኔ፦ «አስተርጓሚዋ፦ አንድ ወር ስንት ቀን ይሁን?»

ሥራ አስኪያጁ፦ «ሠላሳ ነዋ!»

ሠላሳ ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ጥቅምት 1፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 11 ይሆናል። ጻፍኩት።

ገዢው፦ «ከዚያ በኋላ ብንሰርዝ የአንድ ሌሊት ዋጋ ብቻ ይያዝብን፣ ሌላው ይመለስ።»

ሥራ አስኪያጁ፦ «ችግር የለም፣ ይታያል።»

ይህቺን ቃል በስንት ስብሰባ ስፈራት ኖሬያለሁ። «ችግር የለም» ብቻውን እሺ ነው። «ይታያል» ሲከተለው ብዙ ጊዜ እምቢ ነው። ለገዢው ሁለቱንም ቃል እንዳሉ አስቀመጥኩለት፣ ትርጉሙን እንድጠይቅም አስፈቀድኩ።

እኔ፦ «አስተርጓሚዋ፦ ተስማምተዋል ነው የምለው ወይስ አልተስማሙም?»

ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ዝም አሉ። «ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ ነው እንጂ አልተስማማሁም። ከጥቅምት 1 በኋላ ቅድሚያው አይመለስም።»

ገዢው፦ «በግልጽ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ቅድሚያው ይቅር። ከእሱ ሌላ ግን ምንም ቅጣት አይኑር።»

ሥራ አስኪያጁ፦ «ተስማምቻለሁ። ይኸው፣ ጥርት አድርጌ ነው ያልኩት!»

መውጫ ሰዓቱ ላይ ገዢው ትንሽ እንዲራዘም ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ «እስከ ስምንት ይቆዩ» አሉ። በእንግሊዝኛ በእነሱ ሰዓት አቆጣጠር «ከቀኑ ሁለት ሰዓት» ብዬ ተረጎምኩ። ስምንት ብዬው ቢሆን ቱሪስቶቹ በእነሱ የጠዋት ስምንት መስሏቸው በጨረቃ ቁርስ ሊበሉ ነበር... ኧረ በእነሱ የማታ ስምንት መስሏቸው እስከ ምሽት ሊተኙም ይችሉ ነበር።

ከዚያ የጻፍኩትን ለሁለቱም አነበብኩ። በአማርኛው እንዲህ ይላል፦

«20 የሚከፈልባቸውና 1 ነጻ ክፍል። መግቢያ ኅዳር 1 ቀን 2019፣ መውጫ ኅዳር 4 ከቀኑ 8 ሰዓት። ለአንድ ክፍል በአንድ ሌሊት 7,590 ብር፣ ሰርቪስ፣ ቫትና የሁለት ሰው ቁርስ በውስጡ። ጠቅላላ 455,400 ብር። ቅድሚያ 136,620 ብር። እስከ ጥቅምት 1 ቀን 2019፣ ያን ቀን ጨምሮ፣ ከተሰረዘ ቅድሚያው ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ቅድሚያው ይቀራል፣ ሌላ ቅጣት የለም።»

ገዢው እጁን አነሳ። «በነጻው ክፍል ቁርስ አለ?»

ሥራ አስኪያጁ፦ «ሰው ቤታችን አድሮ ጾሙን ይወጣል እንዴ!»

እኔ፦ «ጋሼ፣ ቁርሱም ነጻ ነው ልበል?»

«በይ እንጂ። ጻፊውም።»

ጻፍኩት።