ሙከራ 4፦ በአቼቶ ውስጥ ያለውን አሴቲክ አሲድ በታይትሬሽን መለካት፤ የደህንነትና የአሠራር ጥያቄዎች

ከ1 እስከ 6 ያሉትን ጥያቄዎች መልሳችሁ ላብራቶሪ ከመግባታችሁ በፊት ለላብራቶሪ ረዳቱ አስረክቡ። ያላስረከበ ተማሪ ቡሬት አይሰጠውም። «አደገኛ ስለሆነ» የሚል መልስ ነጥብ የለውም፤ ምኑ፣ ምንን፣ እንዴት እንደሚጎዳ ጻፉ።

ክፍል ሀ፦ ከሙከራው በፊት

1. የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (NaOH) ፍንጣሪ አንዲት ተማሪ ዓይን ውስጥ ገባ።
ሀ) በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ምን ይደረጋል? ዓይኗ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለስንት ደቂቃ ይታጠባል? የዓይን ቆቧስ በዚያ ጊዜ እንዴት መያዝ አለበት?
ለ) አጠገቧ ያለው ተማሪ «አሲድ ቤዝን ያከሽፋል፤ አቼቶ እናድርግበት» ቢል ለምን አትቀበሉትም? መልሳችሁ ስለሚፈጠረው ሙቀትና ስለሚባክነው ጊዜ ይናገር።
ሐ) ቤዝ ዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከአሲድ የሚከፋው ለምንድን ነው?
መ) ውጤት ብቻ የሚመዘግበው ተማሪ የመከላከያ መነጽሩን ማውለቅ ይችላል?

2. 0.1 ሞላር የሆነ 500 ሚሊ ሊትር የNaOH መሟሟት ለማዘጋጀት ስንት ግራም ያስፈልጋል? (ሞላር ግዝፈት 40.0 ግራም በሞል።) እንክብሎቹን ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ እያማሰላችሁ የምትጨምሩት ለምንድን ነው? ቢከሩን በእጃችሁ ብትይዙት ምን ይሰማችኋል? መሟሟቱ የመስታወት ክዳን ባለው ጠርሙስ ሳምንታት ቢቀመጥ ክዳኑ ምን ይሆናል?

3. የተመዘኑት እንክብሎች ሳይከደኑ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፤ ላያቸው ረጠበ። ከአየር የሚወስዷቸውን ሁለት ነገሮች ጥቀሱ። የመሟሟቱን ትክክለኛ ሞላሪቲ ከሚዛን ብቻ ማወቅ የማይቻለው ለዚህ ነው፤ ፖታሲየም ሃይድሮጅን ፍታሌት (KHC₈H₄O₄) ግን ለምን ይታመናል?

4. ቡሬቱ ስታንድ ላይ እንዳለ አፉ ከዓይናችሁ በላይ ነው። ሳትሞሉት በፊት ምን ታደርጋላችሁ? ከሞላችሁ በኋላ ፈነሉን ሳታወጡ ብትቀጥሉ በንባባችሁ ላይ ምን ሊደርስ ይችላል?

5. ቡሬቱ በመጨረሻ የሚለቀለቀው በምንድን ነው? ፒፔቱስ? ኮኒካል ፍላስኩስ? ፍላስኩን በአቼቶው ብትለቀልቁት ውጤታችሁ ከእውነተኛው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? (ይህ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነው፤ ምክንያቱን በሞል ብዛት አስረዱ።)

6. ፌኖልፍታሊኑ የተሟሟው በኤታኖል ነው። በጠረጴዛው ላይ የተለኮሰ ማንደጃ ቢኖር ምን ታደርጋላችሁ?

ክፍል ለ፦ በሥራ ላይ

7. ፒፔትን በአፍ መምጠጥ ክልክል ነው፤ አቼቶ የሚበላ ነገር ቢሆንም። ክልከላው ለሁሉም ፈሳሽ የሆነው ለምንድን ነው?

8. ስትጀምሩ ከቡሬቱ መክፈቻ በታች የአየር አረፋ ነበር፤ በታይትሬሽኑ መሐል ወጣ።
ሀ) የተነበበው መጠን ወደ ፍላስኩ ከገባው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?
ለ) ይህ የደረሰው NaOH በፍታሌቱ ሲለካ ከሆነ የሞላሪቲው ስሌት ወዴት ያዘነብላል? አቼቶው ሲለካ ከሆነስ? ሁለቱ መልሶች አንድ አይደሉም።

9. ፈዛዛው ሮዝ ቀለም ፍላስኩ እየተወዛወዘ 30 ሰከንድ ቆየ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ጠፋ። ተጨማሪ ጠብታ ትጨምራላችሁ? ቀለሙን ያጠፋው የትኛው ጋዝ ነው?

10. ወደ መጨረሻው ስትቃረቡ የፍላስኩን ግድግዳ በተጣራ ውሃ ታጥባላችሁ። የውሃው መጠን ያልተለካ ሆኖ ሳለ ውጤቱን የማያበላሸው ለምንድን ነው?

ክፍል ሐ፦ ከሙከራው በኋላ

11. 0.5106 ግራም ፍታሌት (ሞላር ግዝፈት 204.22) ተመዘነ። ቡሬቱ ሲጀመር 0.40፣ ሲያበቃ 25.15 ሚሊ ሊትር ይነበባል። የNaOHን ሞላሪቲ በአራት ትርጉም ባላቸው አሃዞች ጻፉ።

12. 10.00 ሚሊ ሊትር አቼቶ በውሃ ተቀጥኖ 100.0 ሚሊ ሊትር ሆነ። ከዚህ 25.00 ሚሊ ሊትር እየተወሰደ በጥያቄ 11 መሟሟት ሲለካ የፈሰሰው መጠን 21.35፣ 20.60 እና 20.65 ሚሊ ሊትር ሆነ። አማካዩን ለማውጣት የትኞቹን ትወስዳላችሁ? የመጀመሪያው የሚገለለው «ስለማይስማማ» ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ በሥራው ላይ ምን ሆኖ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። ከዚያም ባልቀጠነው አቼቶ አንድ ሊትር ውስጥ ያለውን አሴቲክ አሲድ (60.05 ግራም በሞል) በግራም አስሉና ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው 5 ከመቶ ጋር አነጻጽሩ። ማቅጠኑን የረሳ ተማሪ የሚያገኘው ቁጥር ስንት ይሆናል?

13. ቡሬቱ ውስጥ የተረፈው NaOH ወደ ዋናው ጠርሙስ አይመለስም። ለምን? ቡሬቱስ ሳይታጠብ ቢያድር መክፈቻውና ጫፉ ላይ ምን ይደርሳል?