ለዶክተር፦ የስድስት ወሩ የደም ነገር

ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከፊትዎ ስቀመጥ ግማሹ ይጠፋኛል፣ ስለዚህ ጽፌ መጣሁ። 39 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ዲፖ መርፌ ለመጨረሻ ጊዜ የተወጋሁት ሰኔ ላይ ነው። ድሮ ፔሬዴ በየ28 ቀኑ መጥቶ በአምስት ቀን ያበቃ ነበር።

መስከረም 4 መጣ፣ ደህና ነበር። ግን መስከረም 19 ቡናማ ጠብታ ለሦስት ቀን አየሁ። ጥቅምት ጭራሽ ቀረ፣ የሽንት ምርመራ አደረግኩ፣ እርግዝና የለም። ከኅዳር 6 እስከ 17 ሞዴስ በሁለት ሰዓት እየሞላ፣ የብር ሳንቲም የሚያክል የረጋ ደምም ይወጣ ነበር። ታኅሣሥ 11 ትንሽ ነገር፣ አራት ቀን። የባሰው ጥር ነው፦ ከ2 እስከ 15፣ ሌሊት ሁለት ሞዴስ ደርቤ አንሶላው ይበላሻል፣ ጥምቀትንም ቤት ነው የዋልኩት። የካቲት 8 ደግሞ ከግንኙነት በኋላ ደም አየሁ። ይሄኛው ነው ያስፈራኝ።

ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ያዞረኛል። ሰዉ ሁሉ ሙቀቱ ነው ይለኛል፣ እኔ ግን በድሬ ሙቀት ነው ያደግኩት። ሲያመኝ አይቡፕሮፌን እወስዳለሁ፣ ሌላ መድኃኒት የለኝም።

ጥያቄዎቼ፦ መርፌውን ካቆምኩ ይህን ያህል ቆይቶም ከሱ ሊሆን ይችላል? ወይስ እንደ እናቴ ማዮማ ነው? አልትራሳውንድ ያስፈልገኛል? የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራስ? የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አድርጌ አላውቅም፣ ዛሬ ይቻላል? ደግሞ እንደ ጥር ከፈሰሰኝ፣ ስንት ሞዴስ ሲሞላ ነው ቀጠሮ ሳልጠብቅ ድንገተኛ ክፍል መምጣት ያለብኝ?