ለሌሊት ፈረቃ ሠራተኞቻችን፦ ሪፖርቱ ላይ ስለማይጻፈው ሥራችሁ

እንዴት አደራችሁ?

ይህን መልእክት ግሩፑ ላይ የምልከው ጠዋት 12 ሰዓት ርክክብ አድርጋችሁ ከወጣችሁ በኋላ ነው። ሰርቪስ ውስጥ ሆናችሁ የምታነቡት ካላችሁ ጥሩ። እንቅልፍ ያሸነፋችሁ ደግሞ ተዉት፣ ስትነሱ ታገኙታላችሁ። ድምፅ አጥፍቼ ነው የላክሁት፣ የደከመ ሰው ለምስጋና ብሎ መቀስቀስ ያስቀጣል።

ዜናውን ሰምታችኋል። የፎጣው ትዕዛዝ የመጨረሻ ኮንቴይነር ትናንት ተጭኖ የጅቡቲን መንገድ ይዟል። በቀኑ ደርሰናል። ገዢው የላከው የደስታ ኢሜይል ለእኔ፣ ለሽያጭ ክፍሉና ለቀን ኃላፊዎች ነው የተጻፈው። የእናንተ ስም የለበትም፣ ሊኖርበትም አይችልም፣ ምክንያቱም ሰውየው ፋብሪካችንን ሲጎበኝ የመጣው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው፣ ያኔ እናንተ ተኝታችኋል። ስለዚህ እኔ ልጻፍላችሁ።

ጠዋት ቢሮ ስገባ የሌሊቱ ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ይጠብቀኛል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር ናት፦ «ምርት በዕቅዱ መሠረት፣ ችግር የለም።» ይቺ መስመር ታስቀኛለች። በዚህ ክረምት መብረቅ በጮኸ ቁጥር መብራት እልም እያለ ሲመለስ «ችግር የለም» የሚል ሪፖርት ከየት ይመጣል? ፋብሪካ ያላየ ሰው ሁለት ሰከንድ መብራት ቢጠፋ ምን አለበት ይል ይሆናል። እናንተ ታውቁታላችሁ። ሪንግ ፍሬሙ ይቆማል፣ ሲነሳ በየእንዝርቱ ላይ ያለው ክር ይበጠሳል፣ አንዱ ማሽን ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር እንዝርት አለው፣ ያንን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ አንድ በአንድ በጣት መቀጠል ነው። ቀጥላችሁ ሳትጨርሱ መብራቱ ደግሞ እልም ይላል። እንደገና ከመጀመሪያው። ጠዋት ላይ ምርቱ ዕቅዱ ላይ ደርሶ ይገኛል፣ ሪፖርቱም «ችግር የለም» ይላል። ችግሩ ነበረ እኮ! እናንተ ሌሊቱን በእግራችሁ ጨርሳችሁት ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከእናንተ ውስጥም የማያውቁት ይኖራሉ። ባለፈው ወር የርክክብ መዝገቡን ሳገላብጥ በእስክሪብቶ የተጻፈች አጭር ነገር አየሁ፦ «ሁለት ጋሪ ቦቢን ተለይቶ ተቀምጧል።» ለምን ተለየ ብዬ ጠየቅሁ። ለካ 20 ቁጥር ክር ውስጥ 24 ቁጥር ተደባልቆ ኖሯል። የቦቢኖቹ ቀለም ከአገልግሎት ብዛት የተነሳ ደብዝዟል፣ በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አንዲት የሪንግ ሠራተኛ ክር ስትቀጥል ጣቷ ላይ ቀጠን አለባት። ጠረጠረች፣ ጋሪውን ገፍታ ዳር አስቀመጠችው፣ ለፎርማኑ ነገረችው፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በቃ፣ ይኸው ነው ታሪኩ። ያ ክር ግን ሾልኮ ቢሆን ኖሮ ሽመና ላይ ማንም አያውቀውም ነበር። የሚታወቀው ከተቀለመ በኋላ ነው፣ ፎጣው ላይ መስመር መስመር ሆኖ ሲወጣ፣ ያኔ ደግሞ የሚደረግ ነገር የለም። ስሟን እዚህ ባልጽፍ ይሻላል፣ ታፍራለች። ራሷ ታውቃለች፣ ጓደኞቿም ታውቋታላችሁ። ለእኔ ግን ያ ኮንቴይነር በቀኑ የወጣው በእሷ ጣት ነው፣ ገዢው ይህን ሳያውቅ ፎጣውን ይሸጣል።

የቦይለር ክፍል ወንድሞቼም እንደዚያው ናችሁ። ማቅለሚያው ውስጥ ያለው ሙቀት መሃል ላይ ቢወርድ ጨርቁ አንድ ዓይነት ቀለም አይይዝም። ስለዚህ ሌሊቱን በሙሉ አንድ ሰው ጌጁን እያየ ይቀመጣል። ምንም እንዳይፈጠር መጠበቅ ከባድ ሥራ ነው፣ በተለይ 10 እና 11 ሰዓት ላይ፣ የሰውነት ሙቀት በራሱ ወርዶ ዓይን አልከፈት በሚልበት ሰዓት። ያ ሰዓት ላይ እንቅልፍ የሚመጣው በስንፍና አይደለም፣ የሰው ገላ የተሠራው እንደዚያ ነው። እናንተ ከተፈጥሮ ጋር እየታገላችሁ ነው የምትሠሩት። ኤሌክትሪሻኖቹ ደግሞ በዝናብ ጄኔሬተሩ ጋ ስትሮጡ፣ ካርዲንግ ላይ ያላችሁት በብናኝ ውስጥ፣ ክበብ ውስጥ ሌሊት 8 ሰዓት ሻይ የምታፈሉ እናቶች፣ በር ላይ የሚያድሩት ጥበቃዎች፣ የክሊኒኳ ነርስ። ሁላችሁንም መዘርዘር አልችልም፣ የተረሳ ካለ ቅር አይበለው።

አሁን ከአጥሩ ውጭ ስላለው ላውራ። እሱ ነው ይበልጥ የሚከነክነኝ።

ሌሊት መሥራት ሌሊት ብቻ አይደለም የሚወስደው። ቀኑንም ይወስዳል። ጠዋት ከዮጎፍ በሚወርደው ብርድ ትወጣላችሁ፣ እዚህ ውስጥ ደግሞ ክሩ እንዳይበጠስ ተብሎ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ ነው ያደራችሁት፣ ከዚያ ድንገት ብርድ። ቤት ስትደርሱ ልጅ ትምህርት ቤት ይሸኛል፣ ወይ ክረምት ስለሆነ ቤት ውስጥ ይጯጯኻል። ጎረቤት ቴፕ ይከፍታል። ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮው ይግላል። አከራዩ ውሃ መጣ ብሎ በር ያንኳኳል። ሦስት ሰዓት ያልሞላ እንቅልፍ ተኝታችሁ ማታ 4 ሰዓት እዚህ በር ላይ ቆማችሁ ካርድ የምታሳዩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ደግሞ ማንም «ደክሞሃል» አይላችሁም፣ ሰው ቀን የተኛ ሰው ሲያይ የሰነፈ ይመስለዋል።

ልቅሶ ላይ አልተገኘህም ተብላችሁ ዕድር የቀጣችሁ አላችሁ። የእህቷ ሰርግ ቀን ማሽን ላይ የነበረች አለች። ልጁ «አባዬ ሁልጊዜ ይተኛል» ብሎ ለመምህሩ የነገረበትም አለ፣ ይህን የነገረኝ ራሱ አባትየው ነው፣ እየሳቀ፣ ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም። እነዚህ ነገሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ የላቸውም።

ስለ ክፍያ ካነሳሁ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። በሕዝብ በዓል ቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓት መደበኛው የሰዓት ክፍያ በሁለት ተኩል ተባዝቶ የሚከፈለው፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ለተሠራው ትርፍ ሰዓት ደግሞ በ1.75 የሚባዛው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህን ፋብሪካው እንደ ስጦታ እንዲቆጥረው አልፈልግም፣ እናንተም እንደ ውለታ አትቁጠሩት። ሕግ ነው፣ ሒሳባችሁ ነው። ምስጋናዬ ከዚያ ውጭ ላለው ነው።

ከዚያ ውጭ ያለው ምንድን ነው? ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አብረው ገቡ። ሁለቱም ወገን ጾመኛ ነበር። ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ክርስቲያኖቹ «እናንተ ሱሁር ብሉ፣ እኛ ማሽናችሁን እናያለን» እያላችሁ ሁለት ሁለት ማሽን ይዛችሁ ትቆሙ ነበር። ማንም አላዘዛችሁም፣ ሰርኩላር አልወጣም፣ ሺፍት ሊደሩም የሰማው ከሆነ በኋላ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ቅዳሜ ሌሊት ክርስቲያኖቹ ቤተ ክርስቲያን እንዲያድሩ ብለው ሙስሊሞቹ ፈረቃ ቀይረው ገቡ። የቅያሬ ፎርሙ ላይ «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ አንዱ የጻፈው «ተራዬ ነው» ብሎ ነበር። ፈረምኩለት። ወሎ ነው እንግዲህ፣ እዚህ አገር ይህ ብርቅ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ለእኔ ብርቅ ነው። በሥራ ምክንያት ሌሎች ከተሞችም ኖሬያለሁ፣ ይህን የትም ቦታ ሥልጠና ሰጥቶ ማምጣት አይቻልም።

ምስጋና በባዶ እጅ አይሆንም። ከሰኞ ሐምሌ 20 ጀምሮ የሚቀየሩ ነገሮች አሉ። የሰው ኃይል ቢሮ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት አንድ ሰው ይኖረዋል፣ ለእረፍት ፎርምም ሆነ ለድጋፍ ደብዳቤ ብላችሁ እንቅልፋችሁን ሰብራችሁ ቀን መምጣት ይቀራል። ለሥልጠናና ለስብሰባ የሌሊት ሠራተኛን ቀን 5 ሰዓት መጥራት አይቻልም፣ ከፈረቃ በፊት ማታ 3 ሰዓት ይሆናል፣ ሰዓቱም ይከፈላል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ክበቡ ከሻይና ዳቦ ሌላ ትኩስ ምግብ ያቀርባል፣ የጾም ቀን የጾም። ሰርቪሱ ሴቶችን ዋና መንገድ ላይ ማውረዱን ትቶ ሰፈር ድረስ ይገባል። ሾፌሮቹ መንገዱ ጭቃ ነው ብለው አጉረምርመዋል፣ እውነታቸውን ነው፣ ቢሆንም ይገባሉ።

የደመወዝ ጭማሪ ለምን አልተጻፈም የምትሉ ይኖራችኋል። ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር እየተነጋገርንበት ነው፣ አልቋል ብዬ እዚህ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ሲያልቅ ከማኅበሩ አፍ ትሰሙታላችሁ።

ቤተሰቦቻችሁንም አመስግኑልኝ። ልጅ ይዛ «ዝም በል፣ እናትህ ተኝታለች» የምትል አያት፣ ማታ በር ድረስ ሸኝቶ የሚመለስ ባል፣ ምሳ አሙቃ የምታስቀምጥ ሚስት። እነሱ የእኛ ደመወዝ መዝገብ ላይ የሉም፣ ግን ሌሊቱን አብረዋችሁ ይሠራሉ።

ዛሬ ማታ 4 ሰዓት ፈረቃ ስትገቡ እኔም እገባለሁ፣ እስኪነጋ እዚያው ነኝ። ስብሰባ አይደለም፣ ንግግርም የለም፣ ማሽን እንዳታቆሙ። በየክፍሉ እዞራለሁ፣ የምትነግሩኝ ያላችሁ እየሠራችሁ ንገሩኝ፣ ጫጫታው ውስጥ ካልሰማሁ ጆሮዬ ጋ ጩኹ። ፊት ለፊት መናገር የሚከብደው በወረቀት ጽፎ ለማኅበሩ ተወካይ ይስጥ፣ ስም አያስፈልግም። 8 ሰዓት ላይ ክበብ እንገናኛለን፣ የአዲሱ ምግብ ቅምሻ ዛሬ ነው፣ ጨው ካነሰው ለእናቶቹ ሳይሆን ለእኔ ንገሩኝ።

አብሽሩ። አሁን ስልኩን አስቀምጡና ተኙ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.